ከሦስት ጥግ የሚመጣ ግፊት

አራት ኳሶች በአንድ ካሬ አራት ጥጎች ላይ ተቀምጠዋል። የካሬው እያንዳንዱ ጎን 10 ሴንቲ ሜትር ነው። ኳሶቹ እኩል የኤሌክትሪክ ቻርጅ ተሸክመዋል፤ እያንዳንዳቸው ፖዘቲቭ 1 ማይክሮ ኩሎም። ተመሳሳይ ቻርጆች ስለሚገፋፉ በላይኛው ቀኝ ጥግ ያለውን ኳስ ሦስቱም ይገፉታል፦ በግራው ያለው በ0.9 ኒውተን፣ ከሥሩ ያለው በ0.9 ኒውተን፣ በተቃራኒው ጥግ ያለው ደግሞ በ0.45 ኒውተን። ኳሱ በጠቅላላው በስንት ኒውተን ኃይል ይገፋል?

ሦስቱን ቁጥሮች ደምሮ 2.25 ብሎ የሚመልስ ተማሪ በየፊዚክስ ክፍሉ አይጠፋም። ትክክለኛው መልስ ግን 1.72 ኒውተን ነው። በሁለቱ መልሶች መካከል ከግማሽ ኒውተን የሚበልጥ ልዩነት አለ። ይህ ልዩነት ከየት መጣ የሚለውን ለመመለስ መጀመሪያ ሦስቱ ቁጥሮች ራሳቸው ከየት እንደተገኙ ማየት ያስፈልጋል።

ቁጥሮቹ የተገኙት ፈረንሳዊው ሻርል ኦጉስታን ደ ኩሎም በ1785 እ.ኤ.አ. ካቀረበው ሕግ ነው። ኩሎም የጦር ሠራዊት መሐንዲስ ነበር፤ በካሪቢያን ባሕር በምትገኘው በማርቲኒክ ደሴት ምሽግ ሲያሠራ ዓመታት አሳልፏል። ለኤሌክትሪክ ጥናቱ የሠራው መሣሪያ ግን ከምሽግ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። በቀጭን የብር ሽቦ ላይ አንድ ቀላል ዘንግ በአግድም አንጠለጠለ፤ በዘንጉ ጫፍ ላይ ትንሽ ኳስ አደረገ፤ አጠገቧም ሌላ የማትንቀሳቀስ ኳስ አቆመ። ሁለቱ ኳሶች ተመሳሳይ ቻርጅ ሲሰጣቸው ይገፋፋሉ፣ ዘንጉም ይዞራል፣ ሽቦውም ይጠመዘዛል። ሽቦው የተጠመዘዘበት ልክ የኃይሉ መለኪያ ሆነ።

በመጀመሪያው ልኬት ኳሶቹ 36 ዲግሪ ተራራቁ፤ የሽቦው ጥምዝም 36 ዲግሪ ነበር። ኩሎም ሽቦውን ከላይ በኩል ይበልጥ እየጠመዘዘ ኳሶቹን አቀራረባቸው። ርቀታቸው በግማሽ ቀንሶ 18 ዲግሪ ሲሆን ጠቅላላው ጥምዝ 144 ዲግሪ ደረሰ። ይህ የ36 አራት እጥፍ ነው። እንደገና አቀራርቧቸው ወደ ሩብ ሲጠጉ፣ በ8.5 ዲግሪ ርቀት፣ ጥምዙ 575.5 ዲግሪ ሆነ፤ ይህም ከ36 አሥራ ስድስት እጥፍ ጋር ሊገጥም የቀረው ለጥቂት ነው። ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ በአራት ያድጋል፤ ወደ ሩብ ሲቀንስ በአሥራ ስድስት። ሕጉ በአንድ መስመር ይጻፋል፦

F = k·q₁·q₂ / r²

እዚህ q₁ እና q₂ የሁለቱ ቻርጆች መጠን ናቸው፤ r በመካከላቸው ያለው ርቀት ነው፤ k ደግሞ ወደ 9 ቢሊዮን የሚጠጋ ቋሚ ቁጥር ነው። በ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት ያሉ ሁለት የ1 ማይክሮ ኩሎም ቻርጆች በዚህ ስሌት 0.9 ኒውተን ይገፋፋሉ።

በተቃራኒው ጥግ ያለው ኳስ ግን ይርቃል። ከጥግ ወደ ተቃራኒ ጥግ የሚሰመረው መስመር፣ ዲያጎናሉ፣ ከጎኑ በ1.414 እጥፍ ይረዝማል፤ እዚህ 14.14 ሴንቲ ሜትር ነው። ሕጉ ርቀቱን በራሱ እንድናባዛ ስለሚያዝ 1.414 በ1.414 ተባዝቶ 2 ይሰጣል። ስለዚህ የሩቁ ኳስ ግፊት የጎረቤቶቹ ግማሽ፣ 0.45 ኒውተን፣ ይሆናል። ብዙ ተማሪዎች የሚሳሳቱበት አንዱ ቦታ ይህ ነው፤ ርቀቱ በ1.414 አድጓል ብለው ኃይሉንም በ1.414 ብቻ ያካፍሉና 0.64 ያገኛሉ።

ኩሎም የለካው በሁለት ኳሶች መካከል ያለውን ኃይል ነው። በካሬው ላይ ግን አራት ኳሶች አሉ። ሕጉን ከሁለት ወደ አራት ለማሻገር የሚያስችለው በሙከራ የተረጋገጠ አንድ እውነት አለ፦ በሁለት ቻርጆች መካከል ያለው ኃይል ሌላ ቻርጅ አጠገባቸው በመኖሩ አይለወጥም። የግራው ኳስ ግፊት ከሥር ሌላ ኳስ ኖረም አልኖረም ያው 0.9 ኒውተን ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ግፊት ብቻውን አስልቶ በመጨረሻ ማዋሐድ ይቻላል። ጥያቄው የሚዋሐዱት እንዴት ነው የሚለው ነው።

ኃይል መጠን ብቻ ሳይሆን አቅጣጫም አለው፤ እንዲህ ያለው ነገር በፊዚክስ ቬክተር ይባላል። የግራው ኳስ ወደ ቀኝ ይገፋል። የሥሩ ኳስ ወደ ላይ ይገፋል። በተቃራኒው ጥግ፣ በታችኛው ግራ ያለው ኳስ ደግሞ በዲያጎናሉ አቅጣጫ፣ ወደ ቀኝም ወደ ላይም እኩል በሚያጋድል መስመር ይገፋል። አቅጣጫቸው የተለያየ ሦስት ግፊቶችን እንደ ብር ኖት መደመር አይቻልም።

ልምድ ያለው ሰው እዚህ ላይ ካልኩሌተሩን ገና አያነሣም። መጀመሪያ ሥዕሉን ያያል። ካሬውን በወረቀት ላይ ስሎ፣ በተመረጠው ኳስ በሚያልፈው ዲያጎናል ላይ ወረቀቱን ቢያጥፈው፣ የግራው ኳስ በትክክል በሥሩ ኳስ ላይ ያርፋል። ሁለቱ እኩል ቻርጅ ስላላቸው ቦታ ቢለዋወጡ ምንም ነገር አይለወጥም። የተመረጠው ኳስና በተቃራኒው ያለው ኳስ ደግሞ በእጥፋቱ መስመር ላይ ስላሉ ከቦታቸው አይንቀሳቀሱም። ይህ ሲሜትሪ ይባላል።

ከዚህ ብቻ አንድ ትልቅ ነገር ይታወቃል። ጠቅላላው ኃይል ከእጥፋቱ መስመር ትንሽ ወደ ቀኝ አጋድሎ ነበር እንበል። ወረቀቱ ታጥፎ ሲገለበጥ ኃይሉ በዚያው መጠን ወደ ሌላው ወገን አጋድሎ ይገኛል። የኳሶቹ አቀማመጥ ግን ያው ነው፤ ምንም አልተለወጠም። ያው አቀማመጥ ሁለት የተለያዩ ኃይሎችን ሊሰጥ ስለማይችል ኃይሉ ከመስመሩ ሊያጋድል አይችልም። አንድም ቁጥር ሳይሰላ አቅጣጫው ታወቀ፦ በዲያጎናሉ ላይ፣ ከካሬው ወደ ውጭ።

የቀረው መጠኑ ነው። ለዚህ እያንዳንዱ ግፊት በሁለት ይከፈላል፦ ወደ ቀኝ የሚሠራው ክፍልና ወደ ላይ የሚሠራው ክፍል። እነዚህ የቬክተሩ ኮምፖነንቶች ናቸው። የግራው ኳስ ግፊት ሙሉ በሙሉ ወደ ቀኝ ነው፤ ወደ ላይ ምንም የለውም። የሥሩ ኳስ ግፊት ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ ነው። የዲያጎናሉ ግፊት በ45 ዲግሪ ስላጋደለ ለሁለቱም አቅጣጫ እኩል ያካፍላል። የ45 ዲግሪ ኮሳይን 0.707 ስለሆነ 0.45 ሲባዛበት ለእያንዳንዱ አቅጣጫ 0.318 ኒውተን ይደርሳል።

አሁን መደመር ይፈቀዳል፤ በአንድ አቅጣጫ የሚሠሩት እርስ በርሳቸው ይደመራሉና። ወደ ቀኝ 0.9 ሲደመር 0.318፣ 1.218 ኒውተን። ወደ ላይም 0.9 ሲደመር 0.318፣ 1.218 ኒውተን። ሁለቱ እኩል መሆናቸው በሲሜትሪ የተደረሰበትን አቅጣጫ ያረጋግጣል። በ90 ዲግሪ የሚገናኙትን እነዚህን ሁለት ክፍሎች በፓይታጎረስ ደንብ ማዋሐድ 1.72 ኒውተን ይሰጣል። ይህ 175 ግራም ከሚመዝን ዕቃ ክብደት ጋር የሚተካከል ኃይል ነው።

የጠፋው ግማሽ ኒውተን የት እንደሄደ ለማየት ሒሳቡን በሌላ መንገድ መሥራት ይጠቅማል። አቅጣጫዎቹን ቀኝና ላይ ከማለት ይልቅ፣ አንዱን በዲያጎናሉ ላይ፣ ሌላውን ዲያጎናሉን በ90 ዲግሪ አቋርጦ መምረጥ ይቻላል። እያንዳንዱ ጎረቤት ከ0.9 ኒውተን ግፊቱ በዲያጎናሉ ላይ የሚያበረክተው 0.636 ብቻ ነው። በሚያቋርጠው አቅጣጫም 0.636 አለው፤ ግን የአንዱ ወደ አንድ ወገን፣ የሌላው ወደ ተቃራኒው ወገን ስለሚገፋ ይሰራረዛሉ። የሩቁ ኳስ ግፊት ሙሉ በሙሉ በዲያጎናሉ ላይ ነው። ስለዚህ 0.636 ሲደመር 0.636 ሲደመር 0.45፣ እንደገና 1.72። በ2.25 እና በ1.72 መካከል ያለው 0.53 ኒውተን ሁለቱ ጎረቤቶች እርስ በርስ በመጣጣል ያባከኑት ድርሻ ነው።

ይህ መልስ ለዚህ ካሬ ብቻ አይደለም። አራቱም ቻርጆች እኩል እስከሆኑ ድረስ ጠቅላላው ኃይል ምንጊዜም በሁለት ጎረቤቶች መካከል ያለው ኃይል 1.914 እጥፍ ነው፤ ቁጥሩ የሚገኘው 1.414 እና ግማሽ ሲደመሩ ነው። ካሬው ቢሰፋም ቢጠብም ይህ ቁጥር አይነቃነቅም። መልስን ለመፈተሽም ያገለግላል፦ ከ2.5 እጥፍ ጋር እኩል የሆነ መልስ ያገኘ ሰው አቅጣጫን ረስቶ ደምሯል፤ የቀኝና የላይ ክፍሎቹ እኩል ያልወጡለት ደግሞ ከመንገዱ አንድ ቦታ ላይ ስቷል።

ሲሜትሪው ሲፈርስስ? የግራው ኳስ ቻርጅ ወደ 2 ማይክሮ ኩሎም ይደግ እንበል። ወረቀቱ ሲታጠፍ ባለ 2 ማይክሮ ኩሎሙ ኳስ በባለ 1 ማይክሮ ኩሎሙ ላይ ያርፋል፤ አቀማመጡ ያው መሆኑ ቀረ። ኃይሉ በዲያጎናሉ ላይ ነው ብሎ መጀመር አሁን ስሕተት ነው። ኮምፖነንቶቹ ግን እንደ ቀድሞው ይሠራሉ። ወደ ቀኝ 1.8 ሲደመር 0.318፣ 2.118 ኒውተን። ወደ ላይ እንደ በፊቱ 1.218። በፓይታጎረስ ደንብ 2.44 ኒውተን ይወጣል፤ አቅጣጫውም ከአግድሙ በላይ 45 ዲግሪ መሆኑ ቀርቶ ወደ 30 ዲግሪ ዝቅ ይላል። ሲሜትሪ ሥራ የሚያቀልል አቋራጭ ነው፤ ኮምፖነንት ግን አቋራጩ በተዘጋበትም የሚያደርስ መንገድ ነው።

ይህን ሁሉ በጠረጴዛ ላይ ሠርቶ ለማየት የሚነሣ ሰው ግን ያልጠበቀው ችግር ይገጥመዋል። አየር የሚችለው የኤሌክትሪክ ጫና ልክ አለው፤ በሜትር ወደ 3 ሚሊዮን ቮልት ሲደርስ ብልጭታ ይፈነጥቅና ቻርጁ ያመልጣል። አንድ የብረት ኳስ ይህን ወሰን ሳያልፍ 1 ማይክሮ ኩሎም እንዲሸከም ከመሐሉ እስከ ገጹ ቢያንስ 5.5 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ኳስ ከዳር እስከ ዳር 11 ሴንቲ ሜትር ነው። የካሬው ጎን ደግሞ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ! በመማሪያ መጻሕፍት የሚወደደው ይህ ካሬ በአየር ውስጥ፣ በብረት ኳሶች፣ ከነጭራሹ ሊሠራ አይችልም።

ኳሶቹ ከዳር እስከ ዳር 1 ሴንቲ ሜትር ይሁኑ፤ ቻርጃቸውም ወደ 5 ናኖ ኩሎም ይውረድ። አሁን ብልጭታ አይኖርም። ቻርጁ ግን በ200 እጥፍ ስለቀነሰና ኃይሉ የሁለት ቻርጆች ብዜት ስለሆነ ግፊቱ በ40 ሺህ እጥፍ ይወርዳል። 1.72 ኒውተን የነበረው የአንድ ኒውተን 43 ሚሊዮንኛ ይሆናል፤ አሥራ አምስት የሚያህሉ የጤፍ ፍሬዎች መዳፍ ላይ የሚያሳርፉት ክብደት ማለት ነው። ኩሎም ተራ ሚዛን ትቶ በቀጭን ሽቦ ጥምዝ የለካው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ሌላም ወሰን አለ። የኩሎም ቀመር በትክክል የሚሠራው ቻርጁ በአንዲት ነጥብ ላይ እንዳለ ሲቆጠር ነው። በብረት ኳስ ላይ ያለ ቻርጅ ግን በገጹ ላይ እንደልቡ ይንሸራተታል። ኳሶች ሲቀራረቡ ተመሳሳይ ቻርጆች ይሸሻሹና በየኳሱ የውጭ ገጽ ይከማቻሉ፤ በተግባር የሚራራቁት ከኳሶቹ መሐል ለመሐል ርቀት በላይ ነው። በዚህም የተነሣ የተለካው ግፊት ከተሰላው ያንሳል። የኳሱ ስፋት ከካሬው ጎን አንጻር ትንሽ በሆነ ቁጥር ልዩነቱ ይጠብባል። አቅጣጫው ግን አይነካም። ኳሶቹ አንድ ዓይነት እስከሆኑ ድረስ የወረቀቱ እጥፋት ያው ስለሆነ ኃይሉ ከዲያጎናሉ አይወጣም።

በተፈጥሮ ከዚህ ካሬ ጋር በጣም የሚመሳሰለው አቀማመጥ በየወጥ ቤቱ አለ። በአፋር ከአሳሌ ሜዳ ተቆርጦ የሚወጣውና በአሞሌ መልክ ለዘመናት እንደ ገንዘብ ሲያገለግል የኖረው ጨው፣ በውስጡ የሶዲየምና የክሎሪን አዮኖች በካሬ በካሬ የተደረደሩበት ነው። ሶዲየሙ አንድ ኤሌክትሮን ለቆ ፖዘቲቭ ሆኗል፤ ክሎሪኑ ያንን ተቀብሎ ኔጌቲቭ። በእያንዳንዱ ካሬ ሁለቱ ይፈራረቃሉ፦ አንድ ጥግ ሶዲየም፣ ቀጣዩ ክሎሪን፣ እንደገና ሶዲየም፣ እንደገና ክሎሪን። የካሬው ጎን 0.28 ናኖ ሜትር ነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር ላይ ሦስት ሚሊዮን ተኩል ያህል ይሰለፋል።

ከአራቱ አንዱን ሶዲየም ወስዶ ሌሎቹ ሦስቱ ብቻ የሚያደርጉበትን ማስላት ይቻላል። ሁለቱ ጎረቤቶቹ ክሎሪኖች ናቸው፤ ስለዚህ አይገፉትም፣ ይስቡታል። በተቃራኒው ጥግ ያለው እንደ እሱ ሶዲየም ስለሆነ ይገፋዋል። የቻርጆቹ መጠን እኩል ስለሆነ ቁጥሮቹ የታወቁት ናቸው፦ የሁለቱ ስበት በዲያጎናሉ ላይ ተዋሕዶ 1.414 ወደ ውስጥ፣ የሩቁ ግፊት 0.5 ወደ ውጭ። ልዩነቱ 0.914 ወደ ውስጥ ነው። በኒውተን ሲገለጽ በእያንዳንዱ ጎረቤት መካከል ያለው ስበት ወደ 2.9 ቢሊዮንኛ ኒውተን፣ ጠቅላላው ደግሞ ወደ 2.65 ቢሊዮንኛ ኒውተን ይሆናል። በተመሳሳይ ቻርጆች የሚበተነው ካሬ፣ ቻርጆቹ ሲፈራረቁ ራሱን የሚሰበስብ ሆነ።

ታዲያ አዮኖቹ ተስበው ለምን አይጨፈላለቁም? የኩሎም ቀመር ይህን አይመልስም። አዮኖች በጣም ሲቀራረቡ የኤሌክትሮኖቻቸው ሽፋኖች መደራረብ ይጀምራሉ፤ በዚያን ጊዜ ርቀቱ ትንሽ ሲቀንስ እጅግ የሚያድግ ሌላ ግፊት ይነሣል። 0.28 ናኖ ሜትር ስበቱና ይህ ግፊት የሚመጣጠኑበት ርቀት ነው።

ከጨው ቅንጣቱ ዳር ርቆ መሐል ላይ ያለ አዮን ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው። በቀኙ ያለ እያንዳንዱ ጎረቤት በግራው አቻ አለው፤ ከላዩ ያለው ከሥሩ፣ ከፊቱ ያለው ከኋላው። እኩል ቻርጅ ያላቸው በእኩል ርቀት ፊት ለፊት ስለሚጎትቱት ጥንድ ጥንዱ ይሰራረዛል፣ ጠቅላላውም ዜሮ ይሆናል። ለዚህ መልስ አንድም ማባዛት አላስፈለገም፤ ሲሜትሪው ብቻውን በቃ።

ጨው ውሃ ውስጥ ሲገባ ይህ አሰላለፍ ይፈታል። በንጹህ ውሃ ውስጥ በሁለት ቻርጆች መካከል ያለው ኃይል በአየር ውስጥ ካለው ወደ አንድ ሰማንያኛ ይወርዳል፤ የውሃው ሞለኪውሎች በየቻርጁ ዙሪያ ፊታቸውን እያዞሩ ከፊሉን ስለሚሸፍኑት ነው። ባለ 10 ሴንቲ ሜትሩ ካሬ ቻርጁን ሳያጣ ውሃ ውስጥ ቢሆን 1.72 ኒውተኑ ወደ 0.02 ኒውተን ይቀንስ ነበር። ሦስቱም ግፊቶች በእኩል ስለሚቀንሱ 1.914 እንዳለ ይቆያል፣ አቅጣጫውም በዲያጎናሉ ላይ ይጸናል። ይህ አንድ ሰማንያኛ የሚሠራው ግን በቻርጆቹ መካከል ብዙ ውሃ ሲኖር ነው። በጨው ቅንጣት ውስጥ ተጠጋግተው በተቀመጡ ሁለት አዮኖች መካከል አንድ የውሃ ሞለኪውል እንኳ የሚያስገባ ቦታ የለም፤ ውሃው ሥራውን የሚጀምረው ከቅንጣቱ ጥግና ዳር፣ በሁሉም በኩል ጎረቤት ከሌላቸው አዮኖች ነው።